የበረዶ ዘመናት ቀጠሮ እና የሰሜኑ ሐምሌ

«ጋሼ፣ የበረዶ ዘመን የመጣው ምድር ከፀሐይ ስለራቀች ነው ይላሉ። እንግዲያው አሁን የሚሞቀው ስለቀረብን አይደለም ወይ?»

ይህን የጠየቀኝ ባለፈው ታኅሣሥ አራት ኪሎ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ተማሪ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፤ እሱ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ዘግቶ፣ እኔ የማኪያቶዬን ብርጭቆ በሁለት እጄ አቅፌ፣ ፀሐይዋ ከሕንፃው ጀርባ እስክትወጣልን እንጠብቃለን። የመልሱ ግማሽ እዚያው በረንዳው ላይ ነበር። ምድር በዓመት ውስጥ ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ከገና ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 25 ወይም 26 አካባቢ ሲሆን፣ በጣም የምትርቀው ደግሞ በሰኔ የመጨረሻ ቀናት ነው። የታኅሣሡ ርቀት ወደ 147 ሚሊዮን፣ የሰኔው ወደ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። እኛ በብርድ የተኮራመትነው እንግዲህ ከፀሐይ ጋር በዓመቱ ውስጥ በጣም በተቀራረብንበት ሰሞን ነበር ማለት ነው።

የርቀቱ ነገር ግን ከንቱ አይደለም። ዋናው ጉዳይ ምድር መቅረቧ ወይም መራቋ ብቻ ሳይሆን፣ መቅረቡ ወይም መራቁ በየትኛው ወቅትና በየትኛው የምድር ክፍል ላይ መዋሉ ነው። ይህን ለመረዳት ሰዎች ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ የተሳሳቱበት መንገድም እንደ ትክክለኛው መልስ ሁሉ የሚያስተምር ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ጀምስ ክሮል የተባለ ስኮትላንዳዊ፣ ግላስጎው ውስጥ በአንድ ኮሌጅ በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ተቀጥሮ የኮሌጁን መጻሕፍት እያነበበ ራሱን ያስተማረ ሰው፣ የበረዶ ዘመንን ከምድር ምሕዋር ጋር አያያዘው። አሳቡ ለማንም ቀና የሚመስል ነው፤ በረዶ እንዲከማች ብርዱ ሊበረታ ይገባል፣ ስለዚህ የበረዶ ዘመን የሚመጣው ምድር በብርዳማው ወቅት ከፀሐይ ስትርቅ ነው ብሎ አሰላ። ስሌቱ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ያበቃው ከ80 ሺህ ዓመት በፊት ነው የሚል ውጤት ሰጠው። የሥነ ምድር ሊቃውንት ግን የናያግራ ፏፏቴ የቦረቦረውን ሸለቆ እየለኩ በረዶው የለቀቀው ከዚያ እጅግ በቀረበ ጊዜ እንደሆነ ያሳዩ ጀመር፤ የክሮል አሳብም ተዘነጋ።

ነገሩን ያቃናው የቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሰርቢያዊው መሐንዲስ ሚሉቲን ሚላንኮቪች ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኦስትሪያ-ሀንጋሪ አስራው፣ በኋላም ቡዳፔስት ውስጥ ቁም እስር ላይ ሆኖ እንዲሠራ ስለተፈቀደለት ስሌቱን በእጁ ቀጠለ። የአየር ንብረት ሊቁ ቭላዲሚር ኮፐን የሰጠው ምክር ደግሞ የክሮልን ስሕተት ገለበጠው። የሰሜን ሩቅ አገሮች በጥር ወር ሁልጊዜም በቂ ብርድና በረዶ አላቸው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ሆነ 40 ለውጥ አያመጣም። ወሳኙ ጥያቄ በጥር የወረደው በረዶ ሐምሌን ተሻግሮ መትረፍ አለመትረፉ ነው።

(እዚህ ላይ የቋንቋችንን ወጥመድ ላንሣ። «ክረምት» የምንለው ወቅት በሰሜን አገሮች ሞቃቱ ወቅት ነው። በብርዳማው ወቅትና በሞቃቱ ወቅት መካከል ያለው ልዩነት የጉዳዩ ቁልፍ ስለሆነ፣ እኔ «ክረምት» እና «በጋ» የሚሉትን ቃላት ትቼ በወር ስም እሄዳለሁ።)

ሚላንኮቪች የመረጠው መለኪያ በሰሜን ኬክሮስ 65 ዲግሪ ላይ በሰኔና በሐምሌ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ነው። በዚያ ኬክሮስ ዙሪያ ካናዳ፣ ስካንዲኔቪያና ሳይቤሪያ አሉ፤ በረዶ የሚቀመጥበት ሰፊ መሬት ማለት ነው። በደቡብ በኩል በተመሳሳይ ኬክሮስ ያለው አብዛኛው ባሕር ነው። ያንን የሐምሌ ፀሐይ ሦስት ዝግ ያሉ እንቅስቃሴዎች ያበረቱታል፣ ያደክሙታል። የምድር ዛቢያ ዝንባሌ በ41 ሺህ ዓመት ገደማ ከ22 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ካለ እስከ 24 ተኩል ይመላለሳል። ዛቢያው ራሱ ደግሞ ሊቆም ሲል ራሱ ክብ እየሠራ እንደሚወዛወዝ እንዝርት ይዞራል፤ በዚህና በምሕዋሩ መዞር ምክንያት ለፀሐይ የምንቀርብበት ቀን በ19 ሺህ እና በ23 ሺህ ዓመት መካከል ወቅቶችን ሁሉ ያዳርሳል። የምሕዋሩ ሞላላነትም ወደ 100 ሺህ በሚጠጋ ዓመትና ከዚያም በረዘመ ዑደት ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ምሕዋሩ ክብ ሊሆን ሲቃረብ ቀኑ በየትኛውም ወር ላይ ቢውል ልዩነት አያመጣም።

ሦስቱ እንዴት እንደሚገጣጠሙ ለማየት ከ127 ሺህ ዓመት በፊት እንጀምር። ዝንባሌው 24 ዲግሪ፣ ሞላላነቱ ከዛሬው በእጥፍ የሚበልጥ ነበር፤ ምድር ለፀሐይ የምትቀርበውም በሰኔ ነበር። የሰሜኑ ሰኔ ከዛሬው ከአሥር በመቶ በላይ የሚበልጥ ፀሐይ ያገኝ ስለነበር በረዶው ሸሸ፣ ባሕሩም ከዛሬው ከ5 እስከ 10 ሜትር ከፍ አለ። ከ12 ሺህ ዓመት በኋላ ሁሉም ተገለበጠ፤ ዝንባሌው ወደ 22.4 ዲግሪ ወረደ፣ ሞላላነቱ እንዳለ ቀረ፣ ምድር ከፀሐይ የምትርቀው ግን በሰኔና በሐምሌ ሆነ። ያ ኬክሮስ በሰኔ የሚያገኘው ኃይል በካሬ ሜትር ከ100 ዋት በላይ፣ ማለትም ከአምስት አንድ ያህል ቀነሰ። ልብ ይባል፤ መላዋ ምድር በዓመት የምታገኘው ጠቅላላ ኃይል ምንም አልተለወጠም ማለት ይቻላል። የተለወጠው ክፍፍሉ ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ካናዳ ከፍታዎች ላይ የጥር በረዶ ሐምሌን መሻገር የጀመረው ያኔ ነው። አንድ ጊዜ ከተሻገረ በኋላ ራሱን መመገብ ይጀምራል። አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ወደ ሰማይ ይልከዋል፤ ጥቁሩ መሬት ግን ያንን ብርሃን ውጦ ይሞቅ ነበር። በዚያ ላይ ክምሩ ሲያድግ ጫፉ ወደ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሰው ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲጨምር ጋቢውን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ የካናዳው ክምር በመጨረሻ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ውፍረት ደርሷል። ከ21 ሺህ ዓመት በፊት ከባሕር ወደ በረዶነት የተወሰደው ውኃ የባሕሩን ወለል ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎት ነበር።

ይህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ ስሌት ብቻ ሆኖ ቆይቷል። ማስረጃው የመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ ወለል ጭቃ ነው። በውስጡ የሚገኙት ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ዛጎላቸውን የሠሩት ከውኃው ኦክስጅን ነው። ከባሕር በቀላሉ የሚተነው ቀላሉ የኦክስጅን ዓይነት ስለሆነ፣ በመሬት ላይ ብዙ በረዶ ሲከማች ባሕሩ በከባዱ ኦክስጅን ይበለጽጋል፤ ዛጎሉም ይህን መዝግቦ ይይዛል። ሄይስ፣ ኢምብሪና ሻክልተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት 450 ሺህ ዓመት የሚሸፍን መዝገብ መርምረው የ100፣ የ41፣ የ23 እና የ19 ሺህ ዓመታቱን ምት አገኙ። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ የመጨረሻው ጥንድ ነው። ቤልጂጋዊው አንድሬ ቤርዤ ከሰማይ ስሌት ብቻ ተነሥቶ ምቱ ለሁለት እንደሚከፈል አግኝቶ ነበር፤ ጭቃውም እንደዚያው ለሁለት ተከፍሎ ተገኘ።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ መጠርጠር አለበት። ተመራማሪዎች ከዚያ ወዲህ የጭቃውን ዕድሜ ራሱን በምሕዋሩ ሰዓት ማስተካከል ጀመሩ፤ በምሕዋር ያስተካከሉትን መዝገብ ከምሕዋር ጋር ይስማማል ብሎ ማቅረብ ደግሞ ዳኛውም ምስክሩም አንድ ሰው እንደሆነበት ችሎት ነው። መፈተኛው የተገኘው በጭቃውም በእሳተ ገሞራ ዐለትም ላይ አሻራውን ከሚተወው ከምድር ማግኔት ነው። ሰሜንና ደቡብ ማግኔታዊ ዋልታዎች ለመጨረሻ ጊዜ የተገለበጡት ከ730 ሺህ ዓመት በፊት ነው ተብሎ በላቦራቶሪ የእሳተ ገሞራ ዐለት ልኬት ይታመን ነበር። የምሕዋሩ ሰዓት ግን «የለም፣ ወደ 780 ሺህ ይጠጋል» አለ። ዐለቶቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተሻሻለው የአርጎን ዘዴ ዳግም ሲለኩ ስሕተቱ የላቦራቶሪው ሆኖ ተገኘ።

ምሕዋሩ ግን ሁሉን አይመልስም። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት የበረዶ ዘመናት በ41 ሺህ ዓመቱ ምት ይመጡ ነበር፤ በኋላ ወደ 100 ሺህ ተራዘሙ፤ በምሕዋሩ ላይ ግን ይህን የሚያስገድድ ለውጥ አልታየም። የሞላላነቱ ዑደት በዓመታዊው የፀሐይ ኃይል ላይ የሚያመጣው ለውጥ ደግሞ ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ነው። አሳማኝ ሆኖ የማገኘው መልስ የበረዶው ክብደት ነው። ግዙፍ ክምር ከሥሩ ያለውን ዐለት እየተጫነ ያሰምጠዋል፤ ጫፉ ወደ ሞቃቱ አየር ይወርዳል፤ ቀጣዩ ብርቱ ሐምሌ ሲመጣም ለመቋቋም አቅም አይኖረውም። ለማደግ 90 ሺህ ዓመት የፈጀው ክምር ለመቅለጥ ወደ 10 ሺህ ብቻ የፈጀው አንድም ለዚህ ነው። ሲቀልጥም ከባሕር የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀቱን አግዞታል። ምሕዋሩ እንግዲህ ቀጠሮ ያዥ ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት በረዶው፣ ባሕሩና አየሩ ናቸው።

ወጣቱ የጠየቀው ሁለተኛው ነገር ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። የሰሜኑ የሐምሌ ፀሐይ ላለፉት 11 ሺህ ዓመታት ገደማ ሲደክም ቆይቷል፤ ዝንባሌውም እየቀነሰ ነው። ሰዓቱ በዚህ አቅጣጫ እየሄደ ምድር መሞቋ ራሱ ምክንያቱ ሌላ መሆኑን ይነግረናል። የበረዶ ዘመኑ ሲያበቃ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ከ190 ወደ 260 አካባቢ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በእኛ ዘመን ሁለት መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ280 ተነሥቶ ከ420 አልፏል።

«ታዲያ ቀጣዩ መቼ ነው?» አለኝ። ምሕዋሩ እየከበበ እየሄደ ነው፤ ከ27 ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ክብ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ስለዚህ ከ115 ሺህ ዓመት በፊት እንደነበረው ያለ ደካማ ሐምሌ በቅርብ የለም። ቤርዤና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሰሉት የሰው እጅ ባይገባበት እንኳ ቀጣዩ የበረዶ ዘመን ወደ 50 ሺህ ዓመት ይርቃል። ይህን እያስረዳሁት ሳለ ፀሐይዋ ከሕንፃው ጫፍ ብቅ አለች፤ ዚፑንም ከፈተ።