«መልሱ e^a ነው» ብሎ መሸምደድ አይበቃም

«ቲቸር፣ 1 በምንም ፓወር ቢነሳ 1 ነው። ታዲያ x ወደ ኢንፊኒቲ ሲሄድ (1 + 3/x)^x ለምን e^3 ይሆናል? ካልኩሌተሬ ላይ x = 10^20 ሳስገባ 1 ይለኛል።» (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሸዋ ሮቢት)

ካልኩሌተሩን እዚህ ላይ አትመኚው። 3/10^20 በጣም ትንሽ ስለሆነች 1 ላይ ስትደመር ማሽኑ ሊይዛት አይችልም፤ ይጥላታል። ከዚያ በኋላ ፓወር ላይ የሚያነሳው ባዶ 1ን ነው። x = 100 አድርጊው፣ 19.22 ገደማ ይሰጥሻል። በ1000 ደግሞ 19.996 ገደማ ይመጣል። e^3 ራሱ 20.086 ያህል ነው።

ቅንፉ ውስጥ ያለው ቁጥር ወደ 1 ይጠጋል እንጂ መቼም 1 አይሆንም። እሱ ወደ 1 ሲወርድ ፓወሩ ደግሞ ያለ ገደብ ይገዝፋል። ማን እንደሚያይል በዓይን አይታወቅም። ሎግ መውሰድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ፓወሩን አውርዶ ማባዣ ያደርገዋል።

y = (1 + 3/x)^x ካልን፣ ln y = x · ln(1 + 3/x) ነው። አሁን 3/xን h እንበለው። x = 3/h ስለሚሆን፦

ln y = 3 · ln(1 + h)/h

h ወደ 0 ሲሄድ ln(1 + h)/h ወደ 1 ይሄዳል። ይህ ሌላ ሳይሆን የ ln ዲሪቬቲቭ 1 ላይ ያለው ዋጋ ነው። ስለዚህ ln y ወደ 3 ይሄዳል።

ብዙ ተማሪ እዚህ ደርሶ 3ን ያከብባል። 3 ግን የ ln y ሊሚት ነው፤ የ y ሊሚት e^3 ነው። ስህተቱን ለመያዝ ብዙ አያስቸግርም፦ x = 1 ሲሆን እንኳ y 4 ነው፣ ከዚያም እያደገ ይሄዳል። እንዴት ተመልሶ 3 ይሆናል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፈተና ሲቃረብ በየቱቶሪያሉ የ(1 + a/x)^x ሊሚት «e^a ነው፣ በቃ» እየተባለ ይሸመደዳል። ቀመሩ ልክ ነው፣ ጊዜም ይቆጥባል። የማልስማማው ሎጉ ተዘሎ እሱ ብቻ ሲሰጥ ነው። ምክንያቱም (1 + 3/x)^(x²) እና (1 + 3/x²)^x የሚል ጥያቄ ሲመጣ ሸምዳጁ ለሁለቱም e^3 ይላል። ሦስቱም ሲታዩ «1 በኢንፊኒቲ» ናቸውና አይፈረድበትም። ሎግ ስንወስድ ግን የ(1 + 3/x)^(x²) ሎግ ከ3x ጋር አብሮ ያድጋል፤ ስለዚህ y ኢንፊኒቲ ይሄዳል። የ(1 + 3/x²)^x ሎግ እንደ 3/x እያነሰ 0 ይገባል፤ y ደግሞ 1 ይሆናል። እንግዲህ 1 የሚሆንበትም ጊዜ አለ።

ፓወሩ 2x + 5 ቢሆንስ? 2x · ln(1 + 3/x) ወደ 6 ይሄዳል፣ 5 · ln(1 + 3/x) ደግሞ ወደ 0። መልሱ e^6 ነው፤ 5ቷ ምንም አትጨምርም።