9 ነጥብ ተኩል ስንት በመቶ ነው?

«ኦክላሆማ ሲቲ በ9 ነጥብ ተኩል ይበልጣል ተብሎ ተሸነፈ። እንዲህ የተባለ ቡድን የማሸነፍ ዕድሉ ስንት በመቶ ነው? ነጥቡን ወደ መቶኛ የሚለውጥ መንገድስ አለ?»

79 በመቶ ገደማ ነው። መንገዱም አለ፤ ለመማር አንድ ቁጥር መያዝ ብቻ ይበቃል። ቁጥሩ 12 ነው።

ጥያቄው የሚያወራው ሰኔ 5 ቀን 2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለተደረገው የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ነው። ኢንዲያና ፔሰርስ በኦክላሆማ ሲቲ ሜዳ 111 ለ110 አሸንፏል። በማግስቱ «ተአምር» የሚለውን ቃል ያላነበበ የለም። እኔ ግን ቃሉ ያለ ቦታው እንደገባ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም በስሌቱ አሳያለሁ።

አወራራጆች የሚያወጡት የነጥብ ግምት፣ በተለምዶ ስፕሬድ የሚባለው፣ «ውጤቱ ይህ ይሆናል» ማለት አይደለም። ውጤቱ ከወዲህም ከወዲያም እኩል ሊያመዝንበት የሚችለውን መካከለኛ ቦታ ነው የሚያመለክተው። ትክክለኛው ውጤት በዚያ ቦታ ዙሪያ ይዋዥቃል። በኤንቢኤ የመዋዠቁ ልክ፣ ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚለው፣ 12 ነጥብ አካባቢ ነው። ከሦስት ጨዋታዎች በሁለቱ ገደማ ውጤቱ ከግምቱ ከ12 ነጥብ በላይ አይርቅም፤ በሦስተኛው ግን ይርቃል። የስርጭቱ ቅርጽ የታወቀውን የደወል ኩርባ በደንብ ይመስላል።

ይህን ከያዝን የቀረው ማካፈል ነው። 9.5 ለ12 ሲካፈል 0.79 ይሆናል። የሚበልጠው ቡድን የሚሸነፈው ውጤቱ ከግምቱ በታች ከ0.79 የመዋዠቅ ልክ በላይ ሲወርድ ብቻ ነው። ከደወሉ ኩርባ ሥር ያለውን ስፋት በኤክሴል እንዲህ ማግኘት ይቻላል፦

```
=NORM.S.DIST(9.5/12,TRUE)
```

የሚወጣው 0.786 ነው። በተመሳሳይ መንገድ 3 ነጥብ 60 በመቶ፣ 6 ነጥብ 69 በመቶ፣ 12 ነጥብ ደግሞ 84 በመቶ ይሰጣል። ኮምፒውተር አጠገቡ የሌለ ሰው እስከ 6 ነጥብ ድረስ ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 በመቶ ከሲሶ በ50 ላይ ቢደምር ብዙም አይሳሳትም። ከዚያ በላይ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ነጥብ የሚጨምረው ዕድል እያነሰ ይሄዳል። ከ11 ወደ 12 መሄድ የሚያስገኘው 2 በመቶ ብቻ ነው።

አሁን ወደ «ተአምሩ» እንመለስ። ኦክላሆማ በ9 ነጥብ ተኩል ይበልጣል ተባለ፤ በ1 ነጥብ ተሸነፈ። ውጤቱ ከግምቱ የራቀው 10 ነጥብ ተኩል ነው። ይህ ከአንድ ተራ የመዋዠቅ ልክ እንኳ ያንሳል! በማንኛውም የጥር ወር ማክሰኞ ምሽት ከሚደረጉ ጨዋታዎች መካከል ይህን ያህል ከግምታቸው የሚርቁ ሁልጊዜም አሉ። ማንም አይጽፍባቸውም፤ ምክንያቱም 4 ነጥብ ይበልጣል የተባለው ቡድን በ14 ሲያሸንፍ ስሕተቱ ለዓይን አይታይም። ግምቱ ግን የሳተው ያንኑ ያህል ነው።

12 ከየት መጣ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአንድ ወቅት የጨዋታ ውጤቶችን ልዩነት ሰብስቦ መዋዠቁን ይለካና «ይኸው» ይላል። እንዲህ የተገኘው ቁጥር ከሚፈለገው ይበልጣል፤ የቡድኖቹ የአቅም ልዩነት ውስጡ ተቀላቅሏልና። መለካት ያለበት ግምቱ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ነው። በአንድ መደበኛ ወቅት 30 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 82 ጊዜ ስለሚጫወቱ 1,230 ጨዋታ አለ። ከእያንዳንዱ ውጤት ጨዋታው ሊጀመር ሲል የነበረውን የመጨረሻ ግምት መቀነስ፣ የቀረውን በራሱ ማባዛት፣ አማካዩን መውሰድ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት ነው። ከ1,230 ጨዋታ የሚገኘው ቁጥር በግማሽ ነጥብ ያህል ከፍና ዝቅ ቢል ነው እንጂ ከዚያ ብዙ አይስትም። 50 ጨዋታ ብቻ ይዞ የሚለካ ሰው ግን 10 ቢያገኝም 14 ቢያገኝም ሊደነቅ አይገባውም።

ቁጥሩ 11 ይሁን 13 ለመካከለኛ ግምቶች ብዙ አያስጨንቅም። 6 ነጥብ በ11 ሲካፈል 71 በመቶ፣ በ13 ሲካፈል 68 በመቶ ይሰጣል። የሚያስጨንቀው ጫፍ ላይ ነው። 15 ነጥብ ይበልጣል የተባለ ቡድን በ11 ከሄድን የመሸነፍ ዕድሉ ከ9 በመቶ በታች ነው፤ በ13 ከሄድን ከ12 በመቶ ያልፋል። ደካማው ቡድን ላይ ገንዘቡን ለሚያስቀምጥ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ያንን ጨዋታ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ወዳጄ ቤት ነበር ያየሁት። እረፍት ላይ ኦክላሆማ 57 ለ45 ይመራ ስለነበር፣ በማግስቱ ማለዳ ሥራ የነበረው አንዱ ጓደኛችን «በቃ፣ ይህ ያለቀለት ነው» ብሎ ተነሣ። ልክ ነበረ? በቀመሩ እንየው። ግማሽ ጨዋታ ሲቀር ከመጀመሪያው ግምት የሚቀረው ግማሹ፣ 4.75 ነጥብ ነው። ከ12ቱ መሪነት ጋር 16.75 ይሆናል። የመዋዠቁ ልክ ግን በግማሽ አይቀንስም፤ በጊዜው ስኩዌር ሩት ነው የሚቀንሰው፤ ስለዚህ ከ12 ወደ 8.5 ይወርዳል። 16.75ን ለ8.5 ስናካፍል 2 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ በመቶኛ ከ97 በላይ ነው። ለኢንዲያና የቀረው ዕድል ከ40 አንድ ገደማ ነበር። ጓደኛችን በስሌት ልክ ነበረ፤ ታይሪስ ሃሊበርተን 0.3 ሰከንድ ሲቀር ያስቆጠራትን ኳስ ግን አላያትም። በዚያ ምሽት ኢንዲያና የመራው ለዚያች 0.3 ሰከንድ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የኢንዲያና ማሸነፍ ከአምስት አንድ ዕድል ነበረው፤ ይህ ተራ ነገር ነው። ያሸነፈበት መንገድ ግን ብርቅ ነበር። ጋዜጠኞቻችን ሁለቱን ስለሚቀላቅሉ ነው አንባቢው ግምቱን «የተሳሳተ» አድርጎ የሚያየው።

ቀመሩ የሚከዳበት ቦታም አለ፤ እሱም የጨዋታው ማብቂያ ነው። ከዚህ ጨዋታ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ያው ኢንዲያና በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሲጫወት፣ ከ3 ደቂቃ ያነሰ ሲቀር ተጋጣሚው ኒክስ በ14 ነጥብ ይመራው ነበር። በስኩዌር ሩቱ መንገድ ለዚያች አጭር ጊዜ የሚቀረው የመዋዠቅ ልክ 3 ነጥብ እንኳ አይሞላም፤ የኢንዲያና ዕድልም ከሚሊዮን አንድ በታች ይሆናል። ኢንዲያና በተጨማሪ ሰዓት 138 ለ135 አሸነፈ። ከሚሊዮን አንድ የሆነ ነገር በዓይናችን ፊት ሲሆን ማመን ያለብን ቀመሩ እንደሳተ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። 12 የተለካው ለ48 ደቂቃ መደበኛ አካሄድ ነው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ተመሪው ቡድን ሆን ብሎ ጥፋት እየሠራ ሰዓቱን ያስቆማል፣ ኳሱን በፍጥነት ይመልሳል፣ ከሩቅም ይወረውራል። በዚያ ምሽት የኢንዲያናው አሮን ኔስሚት በአራተኛው ሩብ ብቻ 6 ባለ ሦስት ነጥብ አስቆጥሯል። በአንዲት ደቂቃ ውስጥ የሚገባው የኳስ ቁጥር ሲበዛ በደቂቃ ያለው መዋዠቅም ይበዛል፤ ስኩዌር ሩቱ ይህን አያውቅም። ስለዚህ ቀመሩን ለጨዋታው መጀመሪያና ለእረፍት ሰዓት እንጂ ለመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች አልጠቀምበትም።

12ን ወደ ሌላ ሊግ ይዞ መሄድም ስሕተት ነው። የአሜሪካ የወንዶች ኮሌጅ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው፣ አካሄዱም ዘገምተኛ ነው፤ የመዋዠቁ ልክ ወደ 11 ይጠጋል። በመጋቢት 2023 በኮሌጆቹ ውድድር ፌርሊ ዲኪንሰን የተባለው ትንሽ ዩኒቨርሲቲ በ23 ነጥብ ተኩል ይበልጣል የተባለውን ፐርዱን 63 ለ58 አሸነፈ። 23.5ን ለ11 ስናካፍል 2.14 ይሆናል፤ የፐርዱ የመሸነፍ ዕድል 1.6 በመቶ፣ ማለትም ከ60 አንድ ገደማ ነበር። «ተአምር» የሚለው ቃል ለዚህ ቢቀመጥ አልቃወምም። ከ9 ነጥብ ተኩሉ ጋር ግን በአንድ ሚዛን ሊቀመጡ አይችሉም፤ አንባቢ ይህን የሚለየው መቶኛው ከነጥቡ ጎን ሲጻፍለት ነው። የስፖርት ገጾቻችን «በ9.5 ይበልጣል (79 በመቶ)» ብለው እንዲጽፉ የምጠይቀው ለዚህ ነው። የሚፈጀው አንዲት መስመር ነው።

ጠያቂዬ በጥያቄው መጨረሻ ያላነሣው ግን ምናልባት በልቡ ያለ ነገር አለ፤ በዚህ ስሌት አወራራጁን መብለጥ ይቻላል ወይ? አይቻልም። በ6 ነጥብ ለሚበልጥ ቡድን የማሸነፊያ ክፍያው 1.42፣ ለተጋጣሚው 3.00 ቢሆን፣ 1 ለ1.42 ሲካፈል 70.4 በመቶ፣ 1 ለ3 ሲካፈል 33.3 በመቶ ይሆናል። ድምሩ ከ100 ያልፋል፤ ትርፍ የሆነው 3.7 የአወራራጁ ድርሻ ነው። እሱን በየልኩ ቀንሰን ስናየው ለጠንካራው ቡድን 68 በመቶ ይቀራል፤ ቀመራችን ከሰጠው 69 ጋር ጎረቤት ነው። ነጥቡንም ክፍያውንም ያወጣው አንዱ ቤት ነውና ከአንዱ ሌላውን ማውጣት አዲስ እውቀት አይጨምርም። ነጥቡ ራሱ ላይ የሚወራረድ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ክፍያ 1.91 ነው፤ ግምቱ ጥሩ ከሆነ ዕድሉ 50 በመቶ ስለሆነ፣ በሚያስይዘው በእያንዳንዱ 100 ዶላር በአማካይ 4 ዶላር ተኩል ያጣል።