ፓኬጁ አልቆ ካርዴን የበላው ሌሊት

እሁድ ጠዋት እማዬ ጋ ልደውል ስልኬን አነሳሁ። «ጥሪውን ለማድረግ በቂ ቀሪ ሂሳብ የለዎትም።» እንዴ! ቅዳሜ ከሰዓት እኮ 500 ብር ሞልቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ጋ አልደወልኩም።

ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ነው። በ450 ብር የምገዛው የወር ፓኬጅ 10 ጊጋ ነው። ቅዳሜ ማታ 2 ጊጋ ቀርቶኝ ነበር፣ ጊዜው ሊያበቃም አምስት ቀን። የአክስቴ ልጅ የቤት ሥራ ልትልክ «ጋሽዬ፣ ሆትስፖት ክፈትልኝ» አለችኝ። ከፈትኩላት። በአምስት ደቂቃ ላከችና ተኛች። ላፕቶፑ ግን አልተኛም። ካልነገሩት በስተቀር የስልክ ሆትስፖት ለእሱ እንደ ቤት ዋይፋይ ነው። ስንት ወር ያጠራቀመውን አፕዴት ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርድ አደረ።

የስልኬ የዳታ አጠቃቀም ዝርዝር ውስጥ ሆትስፖት በሚለው መስመር 4.5 ጊጋ ተጽፏል። ሁለቱ ከፓኬጄ ሄደ። የቀረው 2.5 ጊጋ ከካርዴ። ከፓኬጅ ውጭ አንዱ ሜጋ 20 ሳንቲም ነው፤ 2,500 ሜጋ ሲባዛ 500 ብር። እጥብ አድርጎ!

ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። «ፓኬጅዎ ሲያልቅ መልእክት ልከንልዎታል» አለችኝ ልጅቷ በትህትና። እውነቷን ነው፣ ልከዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት! ሰው በዚያ ሰዓት ተነስቶ ዳታ ያጠፋል?

የሚያናድደኝ ማለቁ አይደለም። ፓኬጅ ውስጥ አንዱ ሜጋ 4 ሳንቲም ተኩል ነው የሚደርሰኝ። ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል፣ «ልቀጥል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ እንኳ የለም።

በንዴቴ ወረቀት አወጣሁ። ወር ሙሉ ስንት እንደምጠቀም ለካ አላውቅም! «10 ይበቃኛል» ያልኩት በግምት ነው። ስለዚህ ሆትስፖት ሳልከፍት ሰባት ቀን ለካሁ። ሦስት ቀን ለክቶ ማባዛት አያዋጣም፣ የእኔ እሁድ ብቻውን 700 ሜጋ ነው (ኳስ፣ ምን ላድርግ)። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የስልኩ ቆጠራ ብዙ ጊዜ ከፈረንጆቹ ወር መጀመሪያ ይነሳል። የእኔ ፓኬጅ ግን የሚጀምረው 18 ላይ ነው። ቀኑን ካላስተካከላችሁ የምታዩት ቁጥር የሌላ ወር ነው።

በሳምንት 2.4 ጊጋ መጣ። ለሰባት ሲካፈል በቀን 343 ሜጋ ገደማ፣ በ30 ሲባዛ 10.3 ጊጋ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ታክሲ ውስጥ የማያቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ናቸው። የስልክ ጥሪ በኢንተርኔት ማድረጉ ያን ያህል አይበላም፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ማውራቱ ነው እንጂ።

እንግዲህ ሰላማዊ በሆነ ወር እንኳ 300 ሜጋ ያልፈኛል ማለት ነው። ያ 60 ብር ነው፣ በድምሩ 510። ከፍ ያለው የ15 ጊጋ ፓኬጅ 620 ብር ነው። የዋጋ ልዩነቱ 170 ብር፤ 170 ብር ደግሞ በ20 ሳንቲም ሂሳብ 850 ሜጋ ነው። ስለዚህ ከ10 ጊጋው በላይ የማልፈው ከ850 ሜጋ ካነሰ ትንሹ ያዋጣኛል፣ ከበለጠ ትልቁ። በአማካይ ካየነው ትንሹ ያሸንፋል። ግን ወር አማካይ አይደለም። እንግዳ መጥቶ 2 ጊጋ ቢጨመርብኝ 60ው ብር 460 ይሆናል፣ ድምሩም 910።

ሦስተኛ መንገድ አለ፣ እኔ የመረጥኩት እሱን ነው። 10 ጊጋው ሊያልቅ ሲል 1 ጊጋ በ70 ብር እጨምራለሁ። ያው 1 ጊጋ ከካርድ ቢቆረጥ 200 ብር ነበር። ለዚህ ግን መቼ እንደሚያልቅ ቀድሜ ማወቅ አለብኝ። ስልኩ ላይ Data warning እና Data limit የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ይነግራችኋል እንጂ አያቆምም። እኔ ለስንት ጊዜ እሱን ሞልቼ ተዘጋ ብዬ ተኝቻለሁ! የሚቆርጠው ሁለተኛው ነው። እሱን 9.5 ላይ አድርጌዋለሁ፣ የስልኬና የድርጅቱ ቆጠራ ሁሌም እኩል አይሄድማ። ላፕቶፑ ላይም የእኔን ሆትስፖት መርጬ Metered connection የሚለውን አብርቻለሁ፣ የቤት ዋይፋይ እንዳልሆነ የሚነገረው በእሱ ነው። ካርድም አንዴ 500 መሙላት ቀርቷል፣ ሂሳቤ ላይ ከ50 ብር በላይ አይድርም።

ትናንት ማታ ልጅቷ ደግሞ መጣች። «ጋሽዬ፣ ሆትስፖት...» ከፈትኩላት። ልካ እስክትጨርስ ግን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስክሪኑን ሳይ ነበር።