ሰዓት የመደበቅ ጥበብ

ለዌቢናር አዘጋጆች ያለኝን አድናቆት ዛሬ ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። 400 ሰው የተመዘገበበትን ዌቢናር በአንድ ሰዓት ቀደም ማድረግ ማንም ይችላል። መቀየሩን ለ400ውም ጽፎ፣ ማንም እንዳያውቅ ማድረግ ግን ተሰጥኦ ይፈልጋል።

በቅርቡ የደረሰኝን ኢሜይል ልንገራችሁ። ርዕሱ «ስለ ዌቢናራችን ጥቂት ማሻሻያዎች» ይላል። ትሕትናውን አያችሁ? ስድ አዘጋጅ ቢሆን ኖሮ «ሰዓት ተቀይሯል፦ ሐሙስ ከ16:00 ወደ 15:00 UTC» ብሎ ርዕሱ ላይ ይገትረው ነበር። ሰዉም ሳይከፍተው ገብቶት ያልፋል። ታዲያ የቀረውን ማን ሊያነብለት?

እኔ አነበብኩ። መጀመሪያ ምስጋና። ቀጥሎ የተናጋሪው የሕይወት ታሪክ፣ ተራራ መውጣት እንደሚወድ ጭምር። ከዚያ ለስፖንሰሮች ሌላ ምስጋና። መጨረሻ ላይ፣ ከስንብቱ በፊት፣ «በ15:00 እንገናኝ»። አለቀ። «ተቀይሯል» የሚል ቃል የለም። የድሮው ሰዓትም አልተነሳም፤ የሞተ ሰው ስም እየጠሩ ምን ያደርጋል! የየት አገር 15:00 እንደሆነም አልተጻፈም። ተመዝጋቢው በየአህጉሩ ተበትኗል፣ ሁሉም የራሱን ይምረጥ።

ካሌንደሩ ላይ ደግሞ ጥበቡ ረቀቀ። «ወደ ካሌንደርዎ ያክሉ» የሚለውን ተጫንኩ። የተላከው የ.ics ፋይል፣ ማለትም የቀጠሮው ፋይል፣ የድሮውን UID የተባለ የቀጠሮ መለያ ይዞ SEQUENCE የተባለው የማሻሻያ ቁጥሩ ብቻ ከፍ ቢል፣ ካሌንደሩ ያው ቀጠሮ መሆኑን አውቆ ሰዓቱን ያርመው ነበር። የእኔ አዘጋጅ እንዲህ ያለ ስስት አያውቅም። አዲስ UID ሰጥቶ ሁለተኛ ቀጠሮ ፈጠረልኝ። አሮጌውም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሐሙሴ ላይ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ዌቢናሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የትኛው እውነተኛ ነው? የምዝገባ ገጹን ከፈትኩ። እሱ 16:00 ላይ እንደጸና ነው።

(ቢያዘገዩት እኮ ቀላል ነበር። ሰው ቀድሞ ይገባል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ይሳደባል፣ ዌቢናሩ ግን አያመልጠውም። ጌቶቻችን የመረጡት ማስቀደሙን ነው።)

ሐሙስ ልክ 15:00 ላይ ኢሜይል ገባልኝ። ስመዘገብ የተያዘው አውቶማቲክ ማስታወሻ ነው፤ እሱንም የነካው የለም። «ዌቢናሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ቀርቶታል!» ይላል። ይህ የተላከው ተናጋሪው «እንኳን ደህና መጣችሁ» በሚልበት ደቂቃ መሆኑ ነው። እንዲህ የተሳካ ቅንጅት አይቼ አላውቅም። እኔም ተረጋግቼ ሻይ አፈላሁ።

16:00 ላይ ስገባ ስክሪኑ ላይ «እናመሰግናለን» ተጽፏል። ቻቱ ውስጥ የሚጎርፈው «ተጀመረ እንዴ?» ነው። አወያዩ ፈገግ ብሎ «ጥያቄ ከሌለ እንሰነባበት» አለ።

ማታ መጠይቅ ተላከልኝ። «በሰዓቱ ስለተገኙ እናመሰግናለን። የተጀመረበት ሰዓት ተስማምቶዎታል?» አምስት ኮከብ ሰጠሁ። የትኛው ሰዓት እንደሆነ ግን ገና እያሰብኩበት ነው።