ማስተካከያ፦ የሮሌክስን እውነተኛነት ክብደቱ አያረጋግጥም

«ሰዓቱ ከከበደና የሰከንዱ ዘንግ ሳይቆራረጥ ከተንሸራተተ ሮሌክሱ እውነተኛ ነው።»

ባለፈው ሳምንት የጻፍሁት ይህ ዓረፍተ ነገር ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አስመሳይ ሰዓትም ከባድ ብረትና በሰከንድ 8 ጊዜ የሚመታ ሞተር ሊኖረው ይችላል።

ትክክለኛው መረጃ የሚገኘው በሰዓት ሠሪዎች የቴክኒክ ሰነድ ውስጥ ነው። ሰብማሪነር 16610 በተባለው የሮሌክስ ሞዴል ውስጥ ያለው ሞተር 3135 ይባላል። እጅ ሲንቀሳቀስ እየዞረ ሰዓቱን የሚሞላው ሮተር የተተከለው በቀጭን ዘንግ ላይ ነው፤ መሃሉ ላይ የኩሽኔታ ጥቃቅን ኳሶች ከታዩ ሞተሩ ሌላ ነው። ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን መንኮራኩር የሚሸከመው ድልድይም በሁለቱም ጫፍ በብሎን ታስሯል፤ በርካሾቹ አስመሳዮች ላይ ግን የሚታሰረው በአንድ ወገን ብቻ ነው። የተራቀቁት አስመሳዮች ይህንንም ስለሚቀዱ፣ የብረቱን ጠርዝ አጨራረስ በማጉያ መነጽር ማየት የግድ ነው።

በጽሑፌ ተማምናችሁ ለመግዛት የተስማማችሁ፣ ክዳኑን ሰዓት ሠሪ ከፍቶ እስኪያየው ክፍያውን አቆዩት።