ቅጠሉ ሙቀት ይችላል፣ አበባው ግን አይችልም

«በቆሎ ሙቀት የሚችል ሰብል ነው ሲባል ነው የሰማነው። በኋላ ደግሞ ሙቀት ሲጨምር ከስንዴም በላይ የሚጎዳው በቆሎ ነው የሚል አነበብኩ። የቱን እንመን?»

ሁለቱንም። የመጀመሪያው ስለ ቅጠል ነው፣ ሁለተኛው ስለ ፍሬ። ችግሩ የሚመጣው ስለ ቅጠሉ የተማርነውን ይዘን ስለ ፍሬው ስንፈርድ ነው። ይሄ ስህተት በስልጠናም በዜናም ስለሚደጋገም ዛሬ ረጋ ብዬ ልጽፍበት ፈለግሁ።

ከቅጠሉ እንነሳ። ተክል ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ስኳር ይሠራል። ጋዙን የሚይዝለት ሩቢስኮ የሚባል ኢንዛይም ነው። በስንዴ፣ በሩዝ፣ በገብስ፣ በአኩሪ አተር፣ በድንችና በጥጥ ቅጠል ውስጥ ሩቢስኮ ጋዙን ያለ አማላጅ በቀጥታ ይይዛል። መጀመሪያ የሚገኘው ውህድ ሦስት ካርቦን አለው። ባለሦስት ካርቦን ሰብሎች የሚባሉት ለዚህ ነው።

ሩቢስኮ ግን ትልቅ ድክመት አለበት። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከኦክስጅን አጥርቶ አይለይም። በስህተት ኦክስጅን ሲይዝ ተክሉ ስኳር አያገኝም። እንዲያውም ስህተቱን ለማረም ጉልበት ያወጣል፣ ቀድሞ ከያዘው ካርቦንም ይለቃል። ይህ ፎቶሬስፒሬሽን ይባላል። ሙቀት ሲጨምር ነገሩ ይብሳል። በቅጠሉ ውስጥ ባለው ውሃ የሚሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኦክስጅኑ በፈጠነ ሁኔታ ይቀንሳል። ኢንዛይሙም ራሱ ሲሞቅ የመለየት ችሎታው ይወርዳል።

በቁጥር እንየው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ውሃ ያልጎደለው ባለሦስት ካርቦን ቅጠል 100 ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲይዝ 30 ጊዜ ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በየሁለት ስህተቱ አንድ ካርቦን ያመልጣል። ስለዚህ ከ100ው 15ቱ ተመልሰው ወጡ ማለት ነው። በ35 ዲግሪ ስህተቱ ወደ 50 ይጠጋል፣ ኪሳራው ወደ 25 ይወጣል። ለእርማቱ የሚወጣው ጉልበት እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ተክሉ ውሃ ጠምቶት የቅጠሉን ቀዳዳዎች ካጠበበ ደግሞ ጋዙ ወደ ውስጥ መግባት ስለሚቸግረው ስህተቱ ከዚህም ያልፋል።

አሁን የበቆሎ ቅጠል ይዛችሁ ወደ ብርሃን አቅጣጫ ዘርጉት። ጅማቶቹ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በእያንዳንዱ ጅማት ዙሪያ ወፋፍራም አረንጓዴ ሴሎች እንደ ቀለበት ተደርድረዋል። በሁለት ጅማቶች ቀለበት መካከል ብዙውን ጊዜ ያሉት ሁለት ተራ ሴሎች ብቻ ናቸው። አሠራሩ ሁሉ ያለው እዚህ አቀማመጥ ላይ ነው። የውጪዎቹ ሴሎች ጋዙን በሌላ ኢንዛይም ይይዙታል። ይህኛው ኦክስጅንን ጨርሶ አይነካም። የሚወጣው ውህድ አራት ካርቦን አለው። ውህዱ ወደ ቀለበቱ ሴሎች ይገባና እዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቃል። ሩቢስኮ ተሸሽጎ የሚጠብቀው እዚያ ነው። በዙሪያው ያለው ጋዝ በተራ ቅጠል ውስጥ ካለው እስከ አሥር እጥፍ ስለሚደርስ ኦክስጅንን በስህተት የሚይዝበት ዕድል በጣም ይጠባል። አውስትራሊያ ውስጥ ሃል ሃች እና ሮጀር ስላክ ይህንን መንገድ በሸንኮራ አገዳ ላይ ፈትተው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ጤፍም እንደ ሸንኮራ አገዳ ባለአራት ካርቦን ናቸው።

ጋዙን ወደ ሩቢስኮ የሚገፋው ይህ ፓምፕ በነጻ አይሠራም። ለእያንዳንዱ ካርቦን ሁለት ተጨማሪ ኤቲፒ፣ ማለትም ሴል ጉልበት የሚይዝባቸው ሞለኪውሎች፣ ይጠይቃል። በቀዝቃዛ አየር የሩቢስኮ ስህተት ትንሽ ስለሆነ ወጪው አያዋጣም። በሞቃት አየር ግን ከኪሳራው ያነሰ ይሆናል። ሚዛኑ የሚገለበጠው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው አካባቢ ነው። የስንዴ ቅጠል በ20ዎቹ ዲግሪዎች ጥሩ ሲሠራ የበቆሎ ቅጠል እስከ 38 ዲግሪ ድረስ ብዙም አይበገርም። ከዚያ በላይ ግን እሱም ይወርዳል፤ ሩቢስኮን ለሥራ የሚያነቃቃው ረዳት ፕሮቲን ሙቀት አይችልምና።

እስከዚህ ድረስ በቆሎ አሸናፊ ነው። ብዙው ትምህርት የሚያቆመውም እዚህ ላይ ነው።

ወደ ማሳ ስንወርድ ግን ሌላ ነገር እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2017 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያየ ሥራ ወጥቶ ነበር። የዓለም አማካይ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የበቆሎ ምርት በ7.4 በመቶ፣ የስንዴ በ6 በመቶ፣ የሩዝ በ3.2 በመቶ ይቀንሳል ብሎ ገመተ። ይህ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር የሚሰጠውን ጥቅም ሳይቆጥር ነው። ያ ጥቅም ሲጨመርም በዋናነት የሚደርሰው ለባለሦስት ካርቦኖቹ ነው፤ በቆሎ ቀድሞውኑ የራሱ ፓምፕ አለው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ሽሌንከር እና ሮበርትስ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የአሜሪካን የእርሻ መረጃ ከ1950 ጀምሮ አገላብጠው ነበር። የበቆሎ ምርት ከ29 ዲግሪ በላይ በፍጥነት ይወርዳል። የአኩሪ አተር መነሻ 30፣ የጥጥ 32 ነው። ጥጥ ባለሦስት ካርቦን መሆኑን ልብ በሉ። የካርቦኑ ቁጥር ብቻውን ምርቱን ቢወስን ኖሮ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር።

ለምን? የቅጠል ስኳር ገና ምርት ስላልሆነ ነው። መጀመሪያ ፍሬ መያዝ አለበት። በበቆሎ ላይ ደግሞ ይህ ደረጃ በጣም የተጋለጠ ነው። ወንዴ አበባው ጫፍ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በሚያገኘው ቦታ ነው ያለው። ብናኙ ከተበተነ በኋላ ብዙ አይቆይም። በደረቅና ሞቃት አየር ደግሞ ዕድሜው በደቂቃ ወደሚቆጠር ይወርዳል። ሙቀቱ 35 ዲግሪን አልፎ ወደ 38 ሲጠጋ የማዳበር አቅሙን እያጣ ይሄዳል። እንግዲህ እዩት፤ ቅጠሉ ገና በምቾት በሚሠራበት ሙቀት ብናኙ እየሞተ ነው። በዚያ ላይ ድርቅ ካለ የበቆሎው ፀጉር ዘግይቶ ይወጣል። ፀጉሩ ሲወጣ ብናኙ አልቋል።

ይህንን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ዘርዘር ላድርገው። በበቆሎ ራስ ላይ እያንዳንዷ ፀጉር ከአንዲት ፍሬ ጋር ብቻ የተያያዘች ናት። ፍሬዋ ከዳበረች ፀጉሯ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከሥሯ ትላቀቃለች። ካልዳበረች እንደተጣበቀች ትቀራለች። ስለዚህ ብናኝ መበተን ካበቃ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከማሳው የተለያየ ቦታ ጥቂት ራሶች ቁረጡ። ሽፋኑን በቢላ በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ ፀጉሩን ሳትጎትቱ ግለጡት። ከዚያ ራሱን ዘቅዝቃችሁ በቀስታ አራግፉት። የዳበረው ፀጉር ይረግፋል። የቀረው ስንት ፍሬ እንዳመለጠ ይነግራችኋል። ፀጉሩ ሁሉ ረግፎ ኋላ ላይ የራሱ ጫፍ ላይ ያሉት ፍሬዎች ጨምድደው ከቀሩ ችግሩ ከመዳበር በኋላ የመጣ ረሃብ ነው። ራሱ ሙሉ ሆኖ ፍሬው ቀላል ከሆነ ደግሞ የመሙያው ጊዜ ነው ያጠረው። ሦስቱም «ሙቀት ጎዳው» ተብለው ይመዘገባሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ይለያያል።

የመሙያው ጊዜ ጉዳይ ባለሦስቱንም ባለአራቱንም ይነካል። ሙቀት የሰብልን ዕድሜ ያሳጥራል። ፍሬው በየቀኑ ትንሽ ፈጠን ብሎ ቢሞላም ቀኖቹ በመቀነሳቸው የጠፋውን አያካክስም። በዚያ ላይ ስኳርን ወደ ስታርች የሚቀይሩት የፍሬው ኢንዛይሞች በስንዴም በበቆሎም ሙቀት ይጠላሉ። ቅጠሉ ምግብ እያቀረበ ፍሬው መቀበል ሊያቅተው ይችላል።

ሌላው ውሃ ነው። እኔ እንደማስበው ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ይሄ ነው። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሳይለወጥ፣ 1.5 ኪሎፓስካል ላይ እንዳለ፣ ሙቀቱ ከ25 ወደ 35 ዲግሪ ቢወጣ የአየሩ ጥማት፣ ማለትም አየሩ ሊይዝ በሚችለውና በያዘው እርጥበት መካከል ያለው ልዩነት፣ ከ1.7 ገደማ ወደ 4.1 ኪሎፓስካል ያድጋል። አሥር ዲግሪ ብቻ ጨምሮ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። ባለአራት ካርቦን ተክል ቀዳዳዎቹን ጠበብ አድርጎ መሥራት ስለሚችል ውሃ ይቆጥባል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ቁጠባው ጥማቱን አያቆመውም። አፈሩ ከደረቀ ፓምፑም ይቆማል። በመስኖ የሚለማ በቆሎ በሙቀት የሚጎዳው በዝናብ ብቻ ከሚለማው ያነሰ የሚሆነው አንድም ለዚህ ነው።

ማሽላን ከበቆሎ ጋር ማነጻጸር ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ሁለቱም ባለአራት ካርቦን ናቸው። ማሽላ ግን ድርቅና ሙቀት ሲበረታ የተሻለ ይቆማል። ሥሩ ጠለቅ ይላል፣ ቅጠሉ ሰም አለው፣ አስፈላጊ ሲሆን እድገቱን ገትቶ ዝናብ ይጠብቃል። ወንዴና ሴቴው በአንድ አበባ ውስጥ ስለሆኑ ብናኙ እንደ በቆሎ በአየር ላይ ሩቅ መንገድ አይጠብቀውም። ልዩነቱ ከካርቦኑ መንገድ አልመጣም። ማሽላም ቢሆን በአበባው ሰዓት ከባድ ሙቀት ከመጣበት ፍሬ ያጣል።

ሚዛናዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። በቆሎ ብዙ ቦታ የሚዘራው በሞቃቱ ወቅት ነው። ስንዴ በአብዛኛው በቀዝቃዛው ያድጋል። ስለዚህ ያ አንድ ዲግሪ ለበቆሎ የሚጨመረው ጣሪያው አጠገብ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ቦታ የተዘራ በቆሎ ያው አንድ ዲግሪ ሊጠቅመውም ይችላል። የመቶኛ ቁጥሮቹን ስናነብ መነሻውን መጠየቅ አለብን።

ታዲያ «አካባቢያችሁ እየሞቀ ነው፣ ወደ ባለአራት ካርቦን ሰብል ቀይሩ» የሚለውን ምክር እኔ አልቀበለውም። ጥያቄው መሆን ያለበት ሰብሉ የሚያብበው መቼ ነው፣ በዚያ ሳምንት ቀን ላይ ሙቀቱ ስንት ይደርሳል፣ አፈሩስ ያን ጊዜ ውሃ ይኖረዋል ወይ ነው። የዘር ቀንን በሁለት ሳምንት ማንቀሳቀስ ወይም ቀድሞ የሚያብብ ዝርያ መምረጥ ሰብል ከመቀየር የበለጠ የሚያተርፍበት ቦታ ብዙ ነው። ሩዝን ወደ ባለአራት ካርቦን ለመለወጥ ለዓመታት ሲለፋ ቆይቷል፤ ቢሳካ ደስ ይለኛል። ግን የሩዝ አበባ ሲከፈት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ካለፈ ፍሬው ባዶ ይቀራል፤ አዲሱ ቅጠል ይህን አያድነውም። ለዚህኛው የተገኘው መፍትሔ ሌላ ነው። አንድ የዱር ሩዝ አበባውን ከተለመደው ሩዝ ቀደም ብሎ፣ ጠዋት ገና አየሩ ሳይሞቅ ይከፍታል። ተመራማሪዎች ያንን ባሕርይ በማዳቀል ወደሚታረስ ሩዝ አስገብተውታል። ቅጠሉ እንደ ድሮው ባለሦስት ካርቦን ነው። አበባው ግን ሙቀቱ ከመድረሱ በፊት ሥራውን ይጨርሳል።