ከፍተኛ ጥራት ያለው ስካን ብቻውን አይበቃም
ስካን የተደረገ የአማርኛ ገጽን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ፊደል ሲያሳስት ብዙ ጊዜ የሚባለው «ፊደሎቹ ስለሚመሳሰሉ ነው፤ ጥራቱ ከፍ ያለ ስካን ይፈታዋል» ነው — ሰንጠረዥ ላይ ግን አይፈታውም። ሸን ከሰ፣ ጅን ከድ የምትለየው አናታቸው ላይ ያለችው አግድም ሰረዝ ናት። ፕሮግራሙ ከማንበቡ በፊት የሰንጠረዡን መስመሮች ሲያጠፋ፣ ጽሑፉ ወደ ላይኛው መስመር ተጠግቶ ከታተመ ሰረዟንም አብሮ ይጠርጋታል፤ «ሸዋ» «ሰዋ»፣ «ጅማ» «ድማ» ሆኖ ይወጣል። መስመሩ ሳይጠፋ ቀርቶ ፊደሉን ከነካው ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፤ «ደሴ» «ጀሴ» ይሆናል። ዓረፍተ ነገር ቢሆን የጎረቤት ቃላት ያግዙት ነበር፤ ሳጥን ውስጥ ግን ቃሉ ብቻውን ነው። እኔ የቦታ ስሞቹን ዓምድ ለብቻ አወጣና እያንዳንዱ ስም ስንት ጊዜ እንደመጣ እቆጥራለሁ። አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ብቅ ያለውን መስመሮቹ ከመጥፋታቸው በፊት ከነበረው ዋናው ምስል ጋር አስተያያለሁ፤ የጸዳው ምስል ላይ ሰረዟ የለችምና «ሰዋ» ትክክል መስሎ ይታያል። ስህተቱ ገጹን ሙሉ ከተደጋገመ ግን ቆጠራው ያታልላል፣ ያኔ ከታወቁ የቦታ ስሞች ዝርዝር ጋር ማመሳከር ነው። የሰው ስም ዓምድ ላይ ሁለቱም ብዙ አያስኬዱም፤ እዚያ ሰና ሸ፣ ደና ጀ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ እንዲሁም ዝርያዎቻቸው ያሉባቸውን ሳጥኖች አንድ በአንድ በዓይን ማየት ግድ ነው።